ፔሬዴ በነሐሴ ሁለቴ መጣ፤ አሁን ደግሞ ስነሳ ጭው ይልብኛል። ኖርማል ነው?

ሚሚ_ጎፋ | ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም እህቶች። ይሄን ከመጻፌ በፊት ብዙ አመነታሁ። 27 ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም፣ አልወለድኩም። የምሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ነው።

ፔሬዴ የተዛባብኝ ይመስለኛል። በነሐሴ ሁለት ጊዜ መጣ። ከዚያ ደግሞ በ22 ቀኔ መጣ። ካላንደር ላይ ስለምጽፍ ቀኖቹ እነዚህ ናቸው፦ ሐምሌ 3፣ ነሐሴ 1፣ ነሐሴ 27፣ መስከረም 19፣ ጥቅምት 18፣ ኅዳር 15። አንዴም ቀኑን ጠብቆ አያውቅም።

ሌላው ማዞሩ ነው። ዛሬ ጠዋት የታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ ዓይኔ ጨለመ። አንዲት ሴትዮ ደግፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። እናቴ «ጾሙ ነው፣ ባዶ ሆድሽን እየዋልሽ» ትላለች። ጾሙ የገባውም ፔሬዴ የመጣውም እኩል ኅዳር 15 ስለሆነ እኔም እሱ ነው ብዬ ነበር። ግን በጥቅምትም እንዲሁ አድርጎኛል፣ ያኔ ደግሞ ጾም አልነበረም።

ቀኑን የሚያስተካክል ኪኒን አለ? የተጠቀማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

---

የሸዋ_እመቤት | ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 3፡52

የኔ ልጅ፣ ይሄማ ደም ማነስ ነው። እኔም በወጣትነቴ እንዳንቺው ነበርኩ። ቀይ ስር ቀቅይና ውሃውን ጠዋት ጠዋት ጠጪ። ደም ይተካል። እንጀራሽንም አትተይ፣ ጤፍ ብረት አለው። ስትወልጂ ደግሞ ይተውሻል። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ቁርጠቱ ድራሹ ጠፋ።

---

ቤዛ_ሳሪስ | ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 4፡05

እኔም ያዞረኛል። ፔሬዴ ግን 28 ቀን ጠብቆ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከፔሬድ ጋር አይገናኝም መሰለኝ። ግፊትሽን አስለኪ፣ ዝቅ ብሎ ይሆናል።

---

ሲስተር_ጡረታ | ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 4፡40

ሚሚ ልጄ፣ 31 ዓመት በአዋላጅነት ሠርቻለሁ። ቀኖቹን መጻፍሽ በጣም ረድቶኛል፣ ብዙ ሴት ይሄን አታደርግም። አሁን አብረን እንቁጠር።

ከሐምሌ 3 እስከ ነሐሴ 1፣ 28 ቀን። ከነሐሴ 1 እስከ ነሐሴ 27፣ 26 ቀን። ያሳሳተሽ የሚቀጥለው ነው። ከነሐሴ 27 እስከ መስከረም 19፣ 22 ቀን አይደለም። ጳጉሜን ረስተሻታል። አምስቷን ቀን ስትጨምሪባት 27 ይሆናል። ከመስከረም 19 እስከ ጥቅምት 18፣ 29። ከዚያ እስከ ኅዳር 15፣ 27።

አጭሩ 26፣ ረጅሙ 29 ነው። ልጄ፣ ቀንሽ አልተዛባም። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ የአንቺ ዑደት ደግሞ 27 አካባቢ ነው። ስለዚህ በየወሩ ሦስት ቀን ያህል ወደፊት ይቀድማል። እየቀደመ እየቀደመ ሲሄድ አንድ ወር ላይ መጀመሪያውም መጨረሻውም ላይ ይውላል። በነሐሴ የሆነው ይሄው ነው። ጤና ጣቢያ እያለሁ «በወር ሁለቴ መጣብኝ» ብለው ከሚመጡ ወጣቶች ብዙዎቹ ጉዳያቸው ይሄ ነበር።

ከ24 እስከ 38 ቀን ባለው ውስጥ የሚመጣ ፔሬድ ለአዋቂ ሴት ጤናማ ነው። በየወሩ አንድ ቀን ላይ ካላረፈ ተብሎ አይታመምም። በአጭሩና በረጅሙ መካከል አንድ ሳምንት ያህል ልዩነት ቢኖርም አያስደነግጥም።

እንግዲህ ቀኑ ይቆየን። እኔን ያሳሰበኝ ያልጻፍሽው ነገር ነው። ስንት ቀን ይፈስሻል? ሞዴስ በስንት ሰዓት ትቀይሪያለሽ? ሌሊት ለመቀየር ትነሻለሽ? የረጋ ደም ይወጣል? ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲህ ነበር ወይስ በኋላ የመጣ ነው? ጥርስ ተነቅለሽ ደም አልቆም ብሎሽ ያውቃል? ደግሞ «ያዞረኛል» ስትዪ፣ ስትነሺ ጭው ብሎ ዓይንሽ ይጨልማል ወይስ አልጋ ላይ ስትገላበጪ ቤቱ ይሽከረከራል? ሁለቱን ሁላችንም ማዞር እንላቸዋለን፣ ግን አንድ አይደሉም። የሚሽከረከረው ብዙ ጊዜ የጆሮ ነው።

---

ሚሚ_ጎፋ | ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 5፡15

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጳጉሜን በእውነት አልቆጠርኳትም።

የሚፈሰኝ ዘጠኝ ቀን ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ከባድ ነው፣ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ እቀይራለሁ። ሁለት ሞዴስ ደርቤ ነው ቢሮ የምሄደው፣ ጥቁር ሱሪ ለብሼ። ሌሊት ሁለቴ እነሳለሁ፣ ፎጣ አንጥፌ ነው የምተኛው። የረጋ ደም አለ፣ አንዳንዱ የአንድ ብር ሳንቲም ያክላል፣ የሚበልጥም አለ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አምስት ቀን ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው ቀስ በቀስ የጨመረው። ጥርስ ተነቅያለሁ፣ ደሙ ቶሎ ነው የቆመልኝ። ማዞሩ ስነሳ ጭው የሚለው ነው። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። ቢሯችን አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሦስተኛው ላይ ቆሜ አርፋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይገናኝ እንደሆን አላውቅም። በረዶ መቆርጠም ለምዶብኛል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ የአፈሩ ሽታ አፌን ውሃ ያስሞላዋል።

---

ሲስተር_ጡረታ | ኅዳር 18፣ ከምሽቱ 5፡50

ይገናኛል ልጄ። በረዶና አፈር ያማራት ሴት ሳገኝ መጀመሪያ የማስበው ብረቷ ማለቁን ነው።

እንግዲህ ጥያቄሽን ልገልብጠው። ችግሩ ቀኑ አይደለም፣ መጠኑ ነው። ከስምንት ቀን በላይ መፍሰሱ፣ ሌሊት ማስነሳቱ፣ ሁለት ሞዴስ መደረቡ፣ ትልልቅ የረጋ ደሙ፣ አንዱ ብቻውንም ቢሆን ያስመረምራል። አንቺ አራቱም አሉሽ። ጭው ማለቱ ደግሞ የፔሬድ ጠባይ አይደለም። ቁርጠትና ድካም ከፔሬድ ጋር ይመጣሉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚያስቆም የልብ ምት ግን ከፔሬድ ጋር አይመጣም።

የሸዋ እመቤት አክብሮቴ ይድረስዎ። ደም ማነስ ነው ያሉት ሳይሆን አይቀርም። ቁርጠቱ በወሊድ ቀለለ ያሉትም እውነት ነው፣ ብዙዎች ላይ ይቀላል። የደሙ ብዛት ግን በወሊድ አይድንም። ቀይ ስሩም አይጎዳትም፣ ግን ቀለሙ ቢቀላም ብረቱ ትንሽ ነው። ጤፉም ብረት አለው ይባላል። ከዚያ ውስጥ ግን ብዙው በውቅያ ጊዜ ከአውድማው አፈር የሚቀላቀል ነው፣ ሰውነት እሱን አይወስደውም።

ቢሰላ የበለጠ ይታያል። ጤነኛ ሰው ከምግብ በቀን ወደ ደሙ የሚያስገባው ብረት 1 ወይም 2 ሚሊግራም ነው። 100 ሚሊ ሊትር ደም ሲፈስ ደግሞ ወደ 50 ሚሊግራም ብረት ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ እንዲህ እየወጣ በጭማቂ አይሞላም።

ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ሲቢሲ የሚባለውን የደም ቆጠራ ይሥሩልሽ። የእርግዝና ምርመራም ይሥሩልሽ፣ «አላገባሁም» ብለሽ አትዝለዪው፣ ለሁሉም ሴት የሚሠራ ነው። የምትችዪ ከሆነ ፌሪቲን የሚባለውን ጨምሪ፣ እሱ በየቦታው ስለማይሠራ ወደ ግል ላቦራቶሪ ይልኩሽ ይሆናል። ከዚያ አልትራሳውንድ።

ዛሬ ሌሊት ሞዴሱ በአንድ ሰዓት እየሞላ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ወይም ራስሽን ከሳትሽ፣ ወይም ተኝተሽም ልብሽ የሚመታ ከሆነ ነገን አትጠብቂ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

---

ኑሪያ_ሪያድ | ኅዳር 19፣ ከጠዋቱ 1፡30

አሰላሙ ዓለይኩም። የኔ ከዚህ ይለያል መሰለኝ ግን ልጠይቅ። ከሀገር ስወጣ የሦስት ወር መርፌ ተወግቻለሁ። አሁን 19 ቀኔ ነው ጠብ ጠብ ሲል። ብዙ አይደለም፣ በቀን አንድ ሞዴስ ይበቃኛል። ከ15 ቀን ካለፈ ኢስቲሓዳ ነው፣ የፔሬድ ደም አይደለም ብለውኝ ሶላቴን ጀምሬያለሁ። አያዞረኝም። ግን ደም ሳላቋርጥ ስለማይ እፈራለሁ። ማዳሜን ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ማለት ደግሞ ከባድ ነው።

---

የማህፀን_ሐኪም | ኅዳር 19፣ ከጠዋቱ 2፡45

ኑሪያ እህቴ፣ የአንቺ ጉዳይ ከሚሚ ይለያል፣ ልክ ነሽ። የሦስት ወር መርፌ የማህፀኑን ሽፋን ያሳሳዋል። ስስ ሽፋን ደግሞ እዚህም እዚያም ይደማል። በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲህ ጠብ ጠብ ማለቱ በጣም የተለመደ ነው። ብዙዎች ላይ ዓመት ሲሞላ ጨርሶ ይቀራል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። የፔሬድ መዛባት አይደለም፣ መድኃኒቱ እያለ ፔሬድ የሚባለው ዑደት ራሱ የለም። የፔሬዱ ደም ሐይድ፣ ሌላው ኢስቲሓዳ ተብሎ መለየቱ እዚህ ላይ ይረዳል፣ ሁለቱ አንድ ደም አይደሉም።

መጨነቅ ያለብሽ ደሙ ከበዛ፣ ማዞር ከጀመረሽ፣ ሆድሽን ባንድ ወገን ካመመሽ ወይም ከግንኙነት በኋላ ከደማሽ ነው። ያን ጊዜ ማዳሟን አትፍሪ። በሳዑዲ የጤና ሚኒስቴሩ ስልክ 937 ነው።

ሚሚ፣ ሲስተር ያለችሽን ሁሉ እደግፋለሁ። ውጤቱን እዚህ አምጪው።

---

የሳሮን_አባት | ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም። ስለ ፔሬድ ማዞር እያወራችሁ ስለሆነ የባለቤቴን ልጠይቅ። እሷ ብዙ አይፈሳትም፣ እንዲያውም ትንሽ ነው። ባለፈው ወር ፖስትፒል ወስዳ ነበር። ከዚያ ፔሬዷ ሁለት ሳምንት ቆየ። ከትናንት ወዲያ ቡና የመሰለ ትንሽ ደም መጣ። ዛሬ ማዞር ጀመራት፣ በግራ በኩል ከሆዷ በታች ያማታል። ትከሻዬንም አመመኝ ትላለች። ሆርሞኑን አዛብቶት ነው ብለን ተኝታ እያረፈች ነው። ምን ዓይነት ቫይታሚን ይሻላታል?

---

የማህፀን_ሐኪም | ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 2፡18

ወንድሜ፣ አሁኑኑ ይዘሃት ውጣ። ቫይታሚን አትግዛ፣ ጠዋትን አትጠብቅ። ቀዶ ጥገና ያለበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት። በር ላይ እንዲህ በል፦ «ፔሬዷ ቆይቷል፣ ደም አይታለች፣ ባንድ ወገን ያማታል፣ ያዞራታል።» የእርግዝና ምርመራና አልትራሳውንድ ይሥሩላት። ምንም እንዳትበላ። ራሷ እንዳትነዳ።

ፖስትፒል ፔሬድን በጥቂት ቀን ሊያዘገይ ይችላል፣ ሁለት ሳምንት ግን ብዙ ነው። እርግዝና ከማህፀን ውጭ፣ ቱቦው ውስጥ ሲይዝ ልክ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ውጭ የሚታየው ደም ትንሽ ነው፣ ውስጥ የሚፈሰው ግን ብዙ ሊሆን ይችላል። የትከሻው ሕመም ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ደም ድያፍራምን፣ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ሲነካ የሚመጣ ነው። እንደደረሳችሁ ጻፍልን።

---

ሲስተር_ጡረታ | ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 2፡31

እየጸለይኩ ነው። ስልክህን ክፍት አድርግ።

---

የሳሮን_አባት | ኅዳር 20፣ ከጠዋቱ 12፡40

ቱቦው ውስጥ ነበር። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ኦፕሬሽን ገባች። ደም ሁለት ከረጢት ሰጧት። አሁን ነቅታለች። ምን እንደምላችሁ አላውቅም። ደሙ ትንሽ ስለነበር ቀላል ነው ብዬ ነበር።

---

ሚሚ_ጎፋ | ኅዳር 21፣ ከምሽቱ 1፡00

የሳሮን አባት፣ እንኳን ማርያም ማረቻት። ትናንት አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የኔ ውጤት መጣ። እርግዝና የለም። ሄሞግሎቢን 9.1። ኤምሲቪ የሚለው 68። ፌሪቲን 5። የታይሮይድም ሠርተውልኝ ደህና ነው። ግፊቴን ተኝቼ ሲለኩኝ 110/70 ነበር። ካቆሙኝ በኋላ ወደ 90 ወረደ፣ የልብ ምቴም ከ84 ወደ 118 ወጣ። ነርሷ መልሳ አስቀመጠችኝ። አልትራሳውንድ ለረቡዕ ቀጥረውኛል። አይረን አዘዙልኝ።

---

ላብ_ልጅ | ኅዳር 21፣ ከምሽቱ 1፡25

ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ኤምሲቪ የቀይ ደም ሴሎችሽ መጠን ነው። ከ80 በታች ሲሆን ሴሎቹ አንሰዋል ማለት ነው። ብረት ሲያልቅ ሰውነት ትንንሽ ሴል ይሠራል። ፌሪቲን ጎተራው ነው። ከ15 በታች ከሆነ ባዶ ነው ይባላል፣ የአንቺ 5 ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሴት ከ12 በታች ከሆነች ደም ማነስ ነው የሚለው ቁጥር ዝቅተኛ ቦታ ለሚኖሩ የተቀመጠ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ለከፍታ በ12ቷ ላይ አንድ ግራም ያህል፣ ከዚያም የሚበልጥ አስልታችሁ ጨምሩ ይላል። በዚያ ስሌት የአንቺ 9.1 ከወረቀቱ ይልቅ ይብሳል።

---

ቤዛ_ሳሪስ | ኅዳር 21፣ ከምሽቱ 1፡50

ቆይ፣ እኔ አምና 12.4 ነበርኩ። «ኖርማል ነሽ» ብለው መለሱኝ። ፔሬዴ 28 ቀኑን ጠብቆ ይመጣል ግን ሰባት ቀን ሙሉ በደንብ ይፈሰኛል። ያዞረኛል፣ ፀጉሬ ይነቀላል። ታዲያ እኔ ደም አንሶኛል ማለት ነው?

---

የማህፀን_ሐኪም | ኅዳር 21፣ ከምሽቱ 3፡05

ቤዛ፣ እዚህ ላይ እኛም ሐኪሞቹ አንስማማም። የከፍታው ስሌት በአብዛኛው የመጣው ከሌላ አገር ሰዎች ነው። በሰሜን ተራሮቻችን የሚኖሩ ሰዎች ሲጠኑ ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው እንደ አንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ከፍ ብሎ አልተገኘም። ስለዚህ ለእኛ ደገኞች ስንት እንጨምር የሚለው ያለቀለት ነገር አይደለም። እኔ 12.4 አይቼ ብቻ ደም አንሶሻል አልልሽም። ኖርማል ነሽ ብዬም አልሸኝሽም። ፌሪቲን አሠራሻለሁ። ሄሞግሎቢን ሳይወርድ ጎተራው ብቻ ባዶ የሆነበት ሴት ብዙ አለች፣ ድካሙም ፀጉሩም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ቀኑን ጠብቆ መምጣቱ መጠኑ ደህና ነው ማለት አይደለም። ሚሚን ተመልከቻት።

ሚሚ፣ አይረኑን በቀን አንዴ ውሰጂ። ባዶ ሆድ ይሻላል፣ በሎሚ ውሃ ወይም በብርቱካን። ቡናና ሻይ ሁለት ሰዓት ይራቁት፣ ብረቱን ይይዙታል። ሰገራሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። ሆድሽን ካመመሽ አታቁሚው፣ በአንድ ቀን እየዘለልሽ ውሰጂው፣ እንዲያም ሆኖ በደንብ ይሠራል። ብዙ ሴት የምትሳሳተው ማዞሩ ሲተዋት ኪኒኑን መተው ነው። ማዞሩ በጥቂት ሳምንት ይቀላል። ጎተራውን ለመሙላት ግን ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላ ሌላ ሦስት ወር ይፈልጋል።

---

የሸዋ_እመቤት | ኅዳር 22፣ ከጠዋቱ 3፡10

የኔ ልጅ እግዜር ይማርሽ። ለጾሙ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ የታመመ ይፈቀድለታል። ከፈቀዱልሽ ጉበት ብዪ። ቀይ ስሩን ግን አልተውም፣ ለምጄዋለሁ።

---

ሚሚ_ጎፋ | ኅዳር 24፣ ከምሽቱ 12፡30

አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ማዮማ ነው አሉኝ። 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ማህፀኑ ውስጥ የገባ። ካንሰር አይደለም ብለውኛል ግን እጢ የሚለውን ስሰማ እግሬ ከዳኝ። አክስቴ 8 ሴንቲ ነበራት፣ ምንም ሳይሰማት ኖራ በአጋጣሚ ነው የተገኘው። የኔ ትንሽ ሆኖ እንዴት ይሄን ሁሉ ያደማል?

---

የማህፀን_ሐኪም | ኅዳር 24፣ ከምሽቱ 2፡15

መጠኑ ሳይሆን ቦታው ነው። ማህፀንን እንደ ቤት አስቢው። የአክስትሽ ማዮማ ውጭ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይሆናል። እዚያ ቢያድግ ይጫናል እንጂ አያደማም። የአንቺ ሳሎን ውስጥ ነው ያለው። በየወሩ የሚረግፈው ሽፋን እላዩ ላይ ነው። ማህፀንም ደሙን ለማቆም ሲጨበጥ እሱ መሐል ገብቶ ይከለክለዋል። ለዚህ ነው ከሁለት ዓመት ወዲህ ቀስ እያለ የጨመረው፣ እሱ ሲያድግ።

ቀኑ ያልተዛባውም ለዚህ ነው። እንቁላልሽ በጊዜው ይወጣል፣ ሆርሞንሽ ደህና ነው። መጀመሪያ የጠየቅሽው «ቀን የሚያስተካክል ኪኒን» ከፋርማሲ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ደሙን ትንሽ ቀንሶልሽ ማዮማው ሳይታይ ሌላ ዓመት ያልፍ ነበር።

አሁን አንገብጋቢው የሚመጣው ፔሬድ ነው። ታኅሣሥ 12 ወይም 13 ላይ ጠብቂው። ለከባዶቹ ቀናት ብቻ የሚወሰድ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል አለ። ደሙን ወደ ግማሽ ገደማ ሊቀንሰው ይችላል። ሐኪምሽን ስለሱ ጠይቂው። እግርሽ ወይም ሳንባሽ ውስጥ ደም ረግቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ ግን አስቀድመሽ ንገሪው፣ ያን ጊዜ አይሰጥም። ማዮማው ራሱ ሆድ ሳይቀደድ በማህፀን በር በኩል በካሜራ ሊወጣ ይችላል። መሣሪያው ያለው ጥቂት ቦታ ነው፣ ወረፋ አለው። በ9.1 ሄሞግሎቢን ግን ማንም ቸኩሎ አያስገባሽም፣ መጀመሪያ ደምሽ ይሙላ።

ሌሎች እህቶች በየግል መልእክት ስለምትጠይቁኝ እዚሁ ልመልስ። ፔሬድ ከጀመረች ገና ሁለትና ሦስት ዓመቷ የሆነ ልጅ 45 ቀን ቢቆይባት አትደንግጡ፣ መሥመሩን እየያዘ ነው። ከመጀመሪያው ፔሬድ ጀምሮ በብዛት የሚፈሳትና ነስሯም ቶሎ የማይቆም ልጅ ግን ደም የመርጋት ችግር ሊኖርባት ስለሚችል ትመርመር። ከ45 ዓመት በላይ ሆና ደሙ የበዛባት ከማህፀኑ ሽፋን ናሙና ሊወሰድላት ይገባል። ፔሬዷ ቆሞ ዓመት ካለፋት በኋላ ጠብታ እንኳ ያየች ደግሞ «ተመለሰልኝ» ብላ ቤት አትቀመጥ።

---

ሚሚ_ጎፋ | ታኅሣሥ 22፣ ከምሽቱ 3፡00

ሰላም። ቃል በገባሁት መሠረት።

ፔሬዴ ታኅሣሥ 13 መጣ፣ በ28 ቀን። መድኃኒቱን አራት ቀን ወሰድኩ። ሰባት ቀን ፈሰሰኝ። ከባዱ ቀን ላይ በየሦስት ሰዓቱ ነበር የምቀይረው። ሌሊት አንዴ ብቻ ነው የተነሣሁት። ባለፈው ወር 41 ሞዴስ ነው የጨረስኩት፣ በዚህ ወር 22። አሁን ይሄንንም ካላንደሩ ላይ እጽፋለሁ።

ሄሞግሎቢኔ 10.4 ሆኗል። በረዶው ግን በሁለተኛው ሳምንት ነው የቀረው፣ ሳላውቀው ረሳሁት። አራተኛ ፎቅ አንድ ጊዜም ሳልቆም ወጣሁ። ንስሐ አባቴ ጾሙን ፈቅደውልኛል፣ እናቴ ጉበት የምትጠብስልኝ እያለቀሰች ነው።

የቸገረኝ አንድ ነገር አለ። ሐኪሜ በካሜራ ይውጣ ይላል። እናቴ ሳታገቢ ማህፀንሽ አይነካ፣ መድኃኒቱ ከረዳሽ በሱ ቀጥይ ትላለች። ወረፋው ለየካቲት ነው።

---

ሲስተር_ጡረታ | ታኅሣሥ 22፣ ከምሽቱ 3፡35

ልጄ ደስ ብሎኛል። ስለ ኦፕሬሽኑ እናትሽን ይዘሻት ሐኪሙ ጋ ግቢ። ማህፀኑን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ነው የሚያወጡት፣ ከእሱ አፍ ትስማው። እስከዚያ ኪኒኑን እንዳታቋርጪ።

---

ቤዛ_ሳሪስ | ታኅሣሥ 22፣ ከምሽቱ 4፡02

ፌሪቲኔን አሠራሁ። 8። ነገ አልትራሳውንድ አለኝ።